ፍሪጁ የሚጮኸው ለምንድን ነው?

ጎረቤቴ ፍሪጇን «ነዝናዛው» ነበር የምትለው። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ትልቁን የዶሮ ወጥ ድስት ታችኛው መደርደሪያ ላይ ካስገባች ጀምሮ ማታ ማታ «ቲት ቲት» ይላል። ልጆቿ ድምፁን የሚያጠፋውን ቁልፍ አግኝተውታል፤ በጮኸ ቁጥር አንዱ ተነስቶ ይጫነዋል፣ እሱም ዝም ይላል። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ ከፍሪዘሩ ጀርባ የሆነ ነገር ሲፋቅ መሰማት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን እሱም ጸጥ አለ። በማግስቱ ጠዋት ግን ማሳያው ላይ ዲግሪው ጠፍቶ በቦታው ፊደላት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ታች ያለው ወተት ተበላሽቷል፤ ላይ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

መጀመሪያ በስልክ ያማከረችው ቴክኒሻን «ማራገቢያው ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛ» አላት። ሁለተኛው ቤቷ ድረስ መጣ፤ ድስቱን አየ፤ ከኪሱም የመቶ ብር ኖት አወጣ። በብሩ ምን እንዳደረገ በኋላ እነግራችኋለሁ። የፍሪጁን ስሪት ግን አልጠራም፣ በየትኛውም ስሪት ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነውና።

የበሩ ጩኸት በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነው የሚሠራው። በቆዩ ፍሪጆች ላይ በሩ ሲዘጋ ወደ ውስጥ የሚጫናት ባለ ሞላ ቁልፍ አለች፤ መብራቱን የምታበራውና የምታጠፋው እሷው ናት። በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ በሩ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ተደብቋል፣ በአካሉ በኩል ማግኔቱ መቅረቡንና መራቁን የሚያውቅ ሴንሰር አለ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ጊዜ ይቆጠራል፤ በአብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ይጮሃል፤ ካልተዘጋም በየጥቂቱ እየደጋገመ ያስታውሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፍሪጁ የሚያውቀው ያችን ቁልፍ ወይም ያንን ማግኔት ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትገኘውም ላይኛው በኩል፣ ማጠፊያው አጠገብ ነው። በሩ ከላይ ገጥሞ ከታች በኩል ጣት የምታስገባ ክፍተት ቢኖረው ፍሪጁ «ተዘግቷል» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ዝም ማለቱ ስለዚህ በሩ መግጠሙን አያረጋግጥም። በተቃራኒው ደግሞ በሩ በደንብ ተዘግቶ እያለ ቁልፏ ከተጣበቀች ወይም ሴንሰሩ ከተበላሸ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ በዚህ ጊዜ ችግሩ ከጩኸት ያልፋል። ብዙ ፍሪጆች በሩ ሲከፈት የውስጡን ማራገቢያ ያቆማሉ፤ በሩ ክፍት ነው ብሎ የሚያምን ፍሪጅ ማራገቢያውን አያዞርም፣ መብራቱም እንደበራ ውስጡን ያሞቃል። ይህን ለማወቅ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጉና መደርደሪያው ላይ አቁማችሁ በሩን ዝጉ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ ስታዩት በሩ ሲገጥም መብራቱ ካልጠፋ ጥፋቱ የቁልፏ ወይም የሴንሰሩ ነው።

ሁሉም ጩኸት የበር አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ የበር ጩኸት በሩ በትክክል እንደተዘጋ ይቆማል። በሩ ተዘግቶም ከቀጠለ፣ በተለይ ቀይ መብራት ወይም የሚበራ የሚጠፋ ዲግሪ አብሮት ካለ፣ የሚናገረው ስለ ሙቀት ነው፤ ውስጡ መሆን ከሚገባው በላይ ሞቋል ማለት ነው። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት።

ለብቻው በሚቆመው ፍሪዘር ላይ፣ ልብስ ሳጥን የሚመስለውን ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት መብራቶች ተደርድረው ይታያሉ። አረንጓዴው ኃይል መኖሩን፣ ቢጫው ወይም ብርቱካናማው በፍጥነት ማቀዝቀዝ መጀመሩን ያሳያል። ሰውን የሚያስደነግጠው ቀዩ ነው። አዲስ ፍሪዘር ተገዝቶ ሲሰካ፣ መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ወይም ለበዓል አንድ ሙሉ የታረደ በግ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ ሲገባበት ቀዩ ይበራል፤ መብራትም አለበት፣ ሥራው ነው። ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠብቁት፤ አንዳንዴ እስከ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ጥሩ ኃይል እያለው፣ ሳይከፈት 24 ሰዓት አልፎት ቀዩ ካልጠፋ ግን ቴክኒሻን የሚጠራበት ጊዜ ደርሷል።

ቀይ መብራቱ ሲጠፋ ግን አትዘናጉ። መብራቱ የሚናገረው ስለ አሁኑ ሰዓት ነው፤ ሌሊት ስለሆነው ነገር ትዝታ የለውም። ወደ ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶ ቢመጣ፣ ሥጋው ቀልጦ ዳግመኛ ቢረጋ፣ ስትመለሱ የሚቀበላችሁ አረንጓዴው ነው። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጁ ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል፣ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነው ለ24 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ካላወቃችሁ ግን ይህ ስሌት አይረዳም። ለዚህ ከማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ የተሻለ ዘዴ አለ፦ አንድ ስኒ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጡ፤ በረዶ ሲሆን ከላዩ ሳንቲም አድርጉበትና ተዉት። ከጉዞ ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ሥጋው ደህና ነው። ወደ ታች ሰምጦ በረዶ ከላዩ ከረጋበት በመሃል ሁሉም ነገር ቀልጦ ነበር ማለት ነውና ሥጋው መጣል አለበት።

አሁን ወደ ፊደላቱ እንምጣ። ማሳያ ያላቸው ፍሪጆች ውስጥ ሁሉንም የሚቆጣጠር ካርድ አለ። ይህ ካርድ ዓይን የለውም፤ የሚያውቀው በሽቦ የሚደርሰውን ምልክት ብቻ ነው። ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ምልክት ይልክለታል፤ የሙቀት ሴንሰሮቹ ሲቀዘቅዙና ሲሞቁ የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው ይለዋወጣል፣ ካርዱም ያንን ወደ ዲግሪ ይተረጉመዋል። የሚጠብቀው ምልክት ሲቀርበት ኮድ ያወጣል። እንግዲህ ኮዱ የሚለው «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» አይደለም፤ «ከዚህ ዕቃ መስማት የነበረብኝን አልሰማሁም» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዕቃ ዋጋ ነው።

ለምሳሌ በኤልጂ ፍሪጆች ላይ Er FF ሲል የፍሪዘሩ ማራገቢያ አልዞረም ማለት ነው። Er FS የፍሪዘሩን ሴንሰር፣ Er dH በረዶ የሚያቀልጠውን ማሞቂያ፣ Er CO ደግሞ በዋናው ካርድና በማሳያው መካከል ያለውን ግንኙነት ይመለከታል። በሳምሰንግ ላይ 21E የፍሪዘሩ፣ 22E የፍሪጁ ማራገቢያ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ መጨረሻው C ሆኖ 22C ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በእነዚህ ማሳያዎች ላይ 5 ቁጥርና S ፊደል አንድ ዓይነት ሆነው እንደሚታዩ ልብ በሉ፤ በስልክ ለቴክኒሻን ስታነቡለት ሌላ ኮድ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ስሪት ኮድ በሌላው ላይ ትርጉም የለውም። በመመሪያው ደብተር መጨረሻ ገጾች ላይ የራሳችሁን ፍሪጅ ዝርዝር ታገኛላችሁ።

የሴንሰርና የግንኙነት ኮዶች ብዙ አያወያዩም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካርዱ ተደናብሮ ከሆነ ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ስትሰኩት ይጠፋሉ፤ ከተመለሱ ሽቦ ወይም ሴንሰር ነው፣ መለኪያ የያዘ ሰው ይፈልጋል። ስትነቅሉ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይስተካከል ወዲያው ቢነሳ ይጨነቃል፤ ስታቢላይዘሩ መብራት ሲመጣ የሚያዘገየውም ለዚሁ ነው። ደግሞም ከመንቀላችሁ በፊት ኮዱን ፎቶ አንሱት። ከነቀላችሁት ኮዱ ይጠፋል፣ ቴክኒሻኑም ባዶ ማሳያ ፊት ቆሞ መገመት ይጀምራል።

የማራገቢያው ኮድ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላው ሌላ ታሪክ አለው። ወደ ጎረቤቴ ቤት ልመልሳችሁ።

የእሷ ፍሪጅ ፍሪዘሩ ከላይ ያለ፣ በረዶ የማይሠራ የሚባለው ዓይነት ነው። በእውነቱ ግን በረዶ ይሠራል፤ የምናይበት ቦታ ላይ አይደለም እንጂ። ከፍሪዘሩ የኋላ ፕላስቲክ በስተጀርባ የማቀዝቀዣው ጠምዛዛ ቧንቧ አለ። ከአየሩ የሚወጣው እርጥበት እዚያ ላይ ይረጋል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ገደማ ማሞቂያ ይበራና ያንን ስስ በረዶ ያቀልጠዋል፤ ውሃው በቀጭን ቱቦ ወርዶ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ካለች ሳህን ላይ ይተናል። ማራገቢያው ደግሞ ቀዝቃዛውን አየር ከዚያ ቧንቧ ላይ እየወሰደ ከፊሉን ለፍሪዘሩ፣ ከፊሉን በመተላለፊያ ወደ ታች ለፍሪጁ ያከፋፍላል።

በሩ ሌሊቱን ሙሉ በትንሹ ከተከፈተ የቤቱ እርጥብ አየር ሳያቋርጥ ይገባል። ክረምት ከሆነ፣ ማድቤቱ ውስጥ ድስት የሚፈላ ከሆነ ይብሳል። ማሞቂያው በተመደበለት ጊዜ የሚያቀልጠው ስስ በረዶ ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው ወፍራም ነው፣ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልፋል። በረዶው በየቀኑ እየወፈረ ሄዶ የማራገቢያውን ክንፍ ይነካል። ያ የተሰማው የሚፋቅ ድምፅ ይህ ነበር። ጸጥ ያለው ደግሞ ክንፉ በበረዶው ስለተያዘ ነው። ማራገቢያው ሲቆም ካርዱ ምልክቱን አጣ፣ ኮዱም መጣ። ወተቱ ተበላሽቶ ሥጋው የጠነከረበት ምክንያትም ግልጽ ይሆናል፦ ቅዝቃዜው የሚሠራው ላይ ነው፣ ወደ ታች የሚያወርደው ግን ማራገቢያው ነበር።

ሁለተኛው ቴክኒሻን ይህን በጆሮው ነው የጀመረው። «እናቴ፣ ኮዱ ከመምጣቱ በፊት የሚፋቅ ድምፅ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ነበር ስትለው መሣሪያውን ሳያወጣ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለው። ምግቡን አስወጣች፤ ሁለቱም በሮች ተከፈቱ፤ ከሥር አሮጌ ፎጣ ተነጠፈ። «ነገ እስከዚህ ሰዓት ድረስ እንዳይሰካ፤ በዓይን የሚታየው ሲቀልጥ አልቋል ብለሽ እንዳትሰኪው፣ የሚያስቸግረው ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው ነው» አላት። ልጇ ቢላዋ ይዞ ሊያግዝ ሲል ቴክኒሻኑ ከእጁ ቀማው። ልክ ነበር። በአሁኑ ጊዜ በብዙ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ R600a የሚባለው ነው፤ ይህ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ የሚሄድበት ቧንቧም ስስ ነው። አንድ የቢላዋ ጫፍ ፍሪጁን ለዘለቄታው ሊያበላሸው፣ አጠገቡ እሳት ካለ ደግሞ ቤቱንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

በመሃሉ የመቶ ብሩ ጉዳይ መጣ። ብሩን ግማሹን ውስጥ፣ ግማሹን ውጭ አድርጎ በሩን ዘጋበትና ቀስ ብሎ ጎተተው። ከላይ በኩል ጎማው ያዘው፤ ለማውጣት ተቸገረ። በጎን በኩልም ያዘው። ታችኛው ጥግ ላይ ግን ሳይጎተት ወደቀ። ጎማው እዚያ ጋ ታጥፎ ነበር፤ እጥፋቱ ውስጥም የደረቀ የወጥ ዘይት ተጋግሯል። ድስቱ ደግሞ እጀታው በሩን በትንሹ ወደ ውጭ ይገፋ ነበር። ጎማውን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠበው፤ ከዚያ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይዞበት ሲለሰልስ በጣቱ እየሳበ ወደ ቅርጹ መለሰው። የፍሪጁን ሁለት የፊት እግሮችም በትንሹ ከፍ አደረጋቸው፤ ፍሪጅ ወደ ኋላ በጥቂቱ ሲያዘነብል በሩ በራሱ ክብደት ይዘጋል። ብር የመጎተቱን ሥራ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ማታ ሁሉንም መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ፍሪጁ ውስጥ ብታስቀምጡም በሩን ስትዘጉ ብርሃን የሚወጣበት ቦታ ክፍተቱን ያሳያችኋል።

በማግስቱ ሲሰካ ማራገቢያው ዞረ። ኮዱ አልነበረም። ቴክኒሻኑ ግን ተፈወሰ ብሎ አልሄደም፤ የሚጠበቅ ነገር ነገራት፣ እኔም የጽሑፌ ዋና ቁም ነገር ይኸው ይመስለኛል። ኮዱ በረዶው ቀልጦ ከተሰካ በኋላ በዚያው ቀን ከተመለሰ ማራገቢያው ራሱ ወይም ሽቦው ተበላሽቷል፤ ያኔ ይገዛ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚፋቀው ድምፅ እንደገና ከመጣ በረዶው እየቀለጠ አይደለም፤ ማሞቂያው፣ የማቅለጫው ሴንሰር ወይም የውሃው መውረጃ ነው የሚመረመረው። ጨርሶ ካልተመለሰ ጥፋቱ የበሩ ነበር። የጊዜውን ርቀት በመቁጠር ብቻ ሦስቱን መለየት ይቻላል።

ከጥገና ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ምልክቶችም አሉ፤ የስንቱን ሰው ገንዘብ እንዳስወጡ እግዜር ይወቀው። አንደኛው OFF ወይም OF OF የሚለው ነው። ፍሪጁ መብራቱ ይበራል፣ ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ግን አይቀዘቅዝም። ይህ የሱቅ ማሳያ ሁኔታ ነው፤ ሻጭ ያለ ወጪ እያበራ ለደንበኛ እንዲያሳየው የተሠራ። ከሱቅ ሲመጣ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል፣ ልጅ ቁልፎቹን ሲነካካም ሊበራ ይችላል። በአብዛኞቹ ላይ ሁለት ቁልፎችን በአንድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ ይወጣል፤ የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያውን ተመልከቱ።

ሁለተኛው አሜሪካ ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ነው። አዲስ የሄደ ሰው ፍሪጁ 37 ሲል ተቃጠለ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እዚያ የሚቆጠረው በፋራናይት ነው፤ 37 በእኛ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል፣ ፍሪዘሩ ላይ የሚታየው 0 ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ነው። እነሱም እኛም ልንጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነው፦ ብዙ ማሳያዎች የሚያሳዩት ፍሪጁ እንዲደርስ የታዘዘበትን ዲግሪ እንጂ በዚያ ሰዓት ውስጡ ያለውን አይደለም። ማሳያው 4 እያለ ወተቱ የሚበላሽባችሁ ከሆነ ማሳያውን አትመኑት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትታችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት፤ ጠዋት በሩን እንደከፈታችሁ የምታነቡት ቁጥር እውነተኛው ነው።

የጎረቤቴ ፍሪጅ ይኸው ጥር ገባ፣ ኮዱ አልተመለሰም። ድስቱ አሁን ፍሪጅ አይገባም፤ ወጡ በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው። ድምፅ ማጥፊያውን ቁልፍ ልጆቹ እንዳይነኩት ተከልክለዋል፤ ሲጮህ የሚላኩት በሩን እንዲያዩ ነው።